ዶላሩ የሚሸጥልዎ በየትኛው ቀን ነው? ለትንሽ አስመጪ የምንዛሪ መከላከያዎች ንጽጽር

ሰኔ 2016 ዓ.ም. ላይ አንድ የቧንቧ ዕቃ አስመጪ የ25,000 ዶላር ኤልሲ ከፈተ። ያኔ የባንክ መሸጫ ተመን 58 ብር ገደማ ስለነበር በሒሳቡ ዕቃው 1,450,000 ብር ይፈጃል። 30 በመቶ ማርጂን አስያዘ፣ ደረሰኙን ተቀበለ፣ ለደንበኞቹም በዚያው ተመን ዋጋ ሰጠ። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። በዚያው ቀን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መሸጫ 76 ብር አለፈ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደግሞ 100 ተሻገረ። ሰነዱ በነሐሴ መጨረሻ ደርሶ ሲጠራ ሰውየው ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ የምንዛሪ ልዩነት እንዲያሟላ ተጠየቀ። ያን ጊዜ በአንድ ባንክ የገቢ ንግድ ጠረጴዛ ላይ እሠራ ስለነበር ደብዳቤውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። «ኤልሲ ከፍቻለሁ እኮ፣ ዋጋዬ ተቆርጧል!» ነበር ያለኝ።

አልተቆረጠም ነበር። ኤልሲ ባንኩ ለአቅራቢው የሚገባው የክፍያ ቃል ነው፤ ስለ ተመን በራሱ ምንም አይልም። ማርጂኑም በብር የተያዘ መተማመኛ እንጂ የተገዛ ዶላር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አንድ አስመጪ ምክር ሲጠይቀኝ ስለ መከላከያ ዓይነት ከማውራታችን በፊት የምጠይቀው ይህንን ነው፤ ዶላሩ የሚሸጥልዎ በየትኛው ቀን ነው? ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው መንገዶች ሁሉ የሚለያዩት በሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ያ ቀን ነው፣ ሁለተኛው ቀኑን ለማስቀደም ስንት ብር ለስንት ጊዜ እንደሚታሰር።

መጀመሪያ የተጋለጠውን መጠን ይለኩ

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ከቻይና የውኃ ፓምፕ ያዘዘ አስመጪ እንውሰድ፤ የዕቃው ዋጋ 40,000 ዶላር፣ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ 4,000 ዶላር። ባዘዘበት ቀን ተመኑ 140 ብር ነበር እንበል። ሰነዱ በ75ኛው ቀን ደርሶ ክፍያ ሲፈጸም 150 ሆኗል፣ ዲክላራሲዮኑ በ100ኛው ቀን ሲመዘገብ ደግሞ 152። ተመኖቹ ለስሌት የተመረጡ ናቸው።

ብዙ ሰው የተጋለጥኩት በ40,000 ዶላር ነው ብሎ ያስባል። ጉምሩክ ግን ቀረጥና ታክሱን የሚያሰላው ዕቃው፣ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ በተደመሩበት ዋጋ ላይ ነው፤ ወደ ብር የሚለውጠውም ዲክላራሲዮኑ በተመዘገበበት ቀን ተመን ነው። ፓምፑ 10 በመቶ ቀረጥ ቢጣልበት፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ ሱር ታክሱ፣ የማኅበራዊ ልማት ቀረጡና 3 በመቶው ቅድመ ግብር ከቀረጡ ጋር ተደራርበው ከ44,000ው ላይ 45 በመቶ ገደማ ይወስዳሉ። ይህ ወደ 19,800 ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ነው። የሚከፈለው በብር ቢሆንም ከፍና ዝቅ የሚለው ከዶላር ጋር ነው።

ስለዚህ ይህ ሰው በእውነት የተጋለጠው በ63,800 ዶላር ነው። ተመኑ አንድ ብር በጨመረ ቁጥር 63,800 ብር ተጨማሪ ያወጣል። ከታክሱ ውስጥ ተጨማሪ እሴት ታክሱና ቅድመ ግብሩ ኋላ የሚካካሱ ናቸው፤ ዕቃውን ከሞጆ ለማውጣት ግን ዛሬ በካሽ ያስፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ አስመጪን የሚያንቀው የዕቃው ዋጋ ሳይሆን ይህ የመጨረሻው ክፍያ ነው።

አንደኛው መንገድ፦ ክፍት መተው

በ30 በመቶ ማርጂን ኤልሲ ከፍቶ ቀሪውን ሰነድ ሲመጣ መክፈል በጣም የተለመደው መንገድ ነው። ሲከፈት የሚታሰረው 1,680,000 ብር ብቻ ስለሆነ ቀሪው ገንዘብ ሱቁ ውስጥ ይዞራል። ማርጂኑ በብር የተያዘ ከሆነ ግን ሙሉው 40,000 ዶላር በ150 ይሰላል፤ 6,000,000 ብር ይሆናል፣ ከታሰበው 5,600,000 ላይ 400,000 ይበልጣል።

እዚህ ላይ ከባንክ ባንክ፣ አንዳንዴም ከውል ውል የሚለያይ ነገር አለ። ማርጂኑ በገባበት ቀን ባንኩ በዚያ ብር ዶላር ሸጦልዎ ከሆነ 12,000ው በ140 ይዘጋል፣ ቀሪው 28,000 ብቻ በ150 ይሰላል። ጠቅላላው 5,880,000 ይሆናል። ያው ማርጂን፣ ያው ባንክ፣ ያው ዕቃ፤ ልዩነቱ 120,000 ብር ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የማርጂኑን ደረሰኝ ያንብቡት። የውጭ ምንዛሪ መጠን፣ የሽያጭ ተመንና ቀን ከተጻፈበት ዶላር ተሽጦልዎታል። «መተማመኛ» ወይም «ማርጂን» ብሎ የብር መጠን ብቻ ከጻፈ አልተሸጠልዎትም።

ሰነድ ሲመጣ የሚከፈልበት ሲኤዲም ከዚሁ ወገን ነው፣ ግን ይብሳል። በኤልሲ ባንኩ ራሱ ቃል ስለገባ በቀኑ ዶላር መፈለግ ግዴታው ነው። በሲኤዲ ባንኩ ዕዳ የለበትም። ሰነዱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ምንዛሪ እስኪገኝ ይጠብቃል፣ ዕቃው ወደብ ላይ ኪራይ ይቆጥራል፣ ተመኑም ይሄዳል። በርካሽ የሚከፈት ሲኤዲ የመክፈያ ቀኑን የማያውቁት ግዢ ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ ሲከፈት ሙሉውን መግዛት

ኤልሲው ሲከፈት 5,600,000 ብሩን አስገብቶ ባንኩ 40,000 ዶላሩን በዚያው ቀን እንዲሸጥለትና ለዚያ ኤልሲ እንዲይዝለት ማድረግ ነው። የዕቃው ዋጋ ያኔ በእርግጥ ይቆረጣል። ዋጋው ለ75 ቀን የሚታሰረው ገንዘብ ነው።

ስንት ያስወጣል? ከማርጂኑ በላይ የሚያስፈልገው 3,920,000 ብር በ18 በመቶ ወለድ ቢበደሩት ለ75 ቀን 145,000 ብር ገደማ ወለድ ይመጣል። ጠቅላላ ወጪው 5,745,000 ይሆናል። ተመኑ 150 ሲደርስ ይህ ከክፍቱ መንገድ በ255,000 ብር ይሻላል። ተመኑ 142 ላይ ቢቆም ኖሮ ግን ክፍት የተወው ሰው 5,680,000 ብቻ ይከፍል ነበር፤ አስቀድሞ የገዛው 65,000 ይከስራል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ሚዛኑን ማስላት ያስፈልጋል፤ ስሌቱም በስልክ ካልኩሌተር የሚያልቅ ነው፦

```
የዛሬ ተመን × ዓመታዊ ወለድ × ቀናት ÷ 365
140 × 0.18 × 75 ÷ 365 = 5.18 ብር
```

ተመኑ በ75 ቀን ውስጥ ከ5.18 ብር በላይ ይወጣል ብለው ካመኑ ተበድሮ መግዛት ያዋጣል፣ ካላመኑ አያዋጣም። አንድ ማስተካከያ አለው። ማርጂንዎ በብር የተያዘ ከሆነ ያ ገንዘብ በሁለቱም መንገድ ታስሮ ይቆያል፤ በአንዱ ግን ዶላር ሆኖ፣ በሌላው ዝም ብሎ ተቀምጦ ነው። ተጨማሪው 145,000 ብር ወለድ እንግዲህ የሚዘጋው 28,000 ሳይሆን ሙሉውን 40,000 ዶላር ስለሆነ ሚዛኑ ወደ 3.62 ብር ይወርዳል። በብር ማርጂን የሚሠራ አስመጪ አስቀድሞ ለመግዛት ከሌላው የበለጠ ምክንያት ያለው ለዚህ ነው፤ ይህን የሚያሰላ ግን ብዙም አላየሁም።

ገንዘቡ የራስዎ ከሆነ በ18 በመቶው ቦታ ያ ብር ሱቅዎ ውስጥ ቢዞር የሚያመጣውን ትርፍ ያስገቡ። በወር ሁለት ጊዜ ለሚገለበጥ ሸቀጥ 75 ቀን ማሰር ከባንክ ወለድ እጅግ የከበደ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚሸጥ ፓምፕ ግን ያን ያህል አይደለም።

ፎርዋርድ፣ እና ለንደን ያለው ዘመዳችን

ፎርዋርድ ማለት ዛሬ ተመን ተስማምቶ ዶላሩን ከ75 ቀን በኋላ መረከብ ነው። እንግሊዝ አገር የይርጋጨፌ ቡና የሚያስገባ ወገናችን ይህን በስልክ ጨርሶ ያድራል። ቡናው በዶላር ይዋዋላል፣ እሱ የሚሸጠው በፓውንድ ነው፣ ጥቂት ማስያዣ አስይዞ ተመኑን ይቆርጣል። የፓውንድና የዶላር ወለድ ስለሚቀራረቡ የፎርዋርዱ ተመን ከዕለቱ ብዙም አይርቅም። መስከረም 2022 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፓውንድ ወደ 1.03 ዶላር ሲወድቅ ፎርዋርድ የነበረው እንቅልፉን ተኛ።

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ አስመጪ ወደ ባንክ ገብቶ ፎርዋርድን እንደ ኤልሲ ይዞ አይወጣም። ቢቀርብልዎ ግን ውድ ይሁን ርካሽ ለማወቅ የሚረዳ መለኪያ አለ፤ የፎርዋርድ ተመን ትንቢት አይደለም፣ የሁለቱ ገንዘቦች የወለድ ልዩነት ነው። የብሩ 18 በመቶ፣ የዶላሩ 5 በመቶ ቢሆን የ75 ቀን ፎርዋርድ 143.70 አካባቢ መውደቅ አለበት። 144 ቢሉዎት ተገቢ ነው። 150 ቢሉዎት ባንኩ የራሱን ፍርሃት እየሸጠልዎ ስለሆነ ተበድሮ መግዛት ይሻላል።

ሌላው የፎርዋርድ ጠባይ ግዴታነቱ ነው። አቅራቢው ቢከዳ ወይም ዕቃው ቢዘገይ ዶላሩን መረከብ አይቀርም። ለንደን ያለው ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ መርከቧ ትዘገያለች፣ ውሉ ይደርሳል፣ ማራዘሚያ ይከፍላል። ስለዚህ እዚያም ቢሆን ከትዕዛዙ ሙሉውን ሳይሆን እርግጠኛ የሆኑበትን ክፍል መቁረጥ ነው ልማዱ።

የአቅራቢው ወገን የሚያቀርባቸው ሁለት ማባበያዎች

ቻይናዊው ሻጭ «በዶላር ከምትከፍለኝ በዩዋን ክፈለኝ» ይላል። ለእሱ ይጠቅመዋል። እርስዎን ከብር መውደቅ አያድንም፤ ብር በዶላር ሲወድቅ በዩዋንም አብሮ ይወድቃል። ባንክዎ ዩዋን ከዶላር ቀድሞ የሚያገኝ ከሆነ ወረፋ ሊያሳጥር ይችላል፣ ያ ሌላ ጥቅም ነው።

ሁለተኛው የ90 ቀን ዱቤ ነው። ስጦታ ይመስላል፤ ዕቃው ደርሶ፣ ተሽጦ፣ ከዚያ ይከፈላል። ነገር ግን 75 ቀን የነበረውን መጋለጥ 165 ቀን ያደርገዋል። ዕቃውን ዛሬ በ150 ሒሳብ ሸጠው ከሦስት ወር በኋላ በ165 ሊከፍሉ ይችላሉ፤ ያኔ የሸጡት በኪሳራ እንደሆነ የሚያውቁት ብሩ ካለቀ በኋላ ነው። ዱቤ የሚያዋጣው በዕቃው ሽያጭ የገባውን ብር ሳያባክኑ፣ ባንኩ በፈቀደ ቁጥር ዶላሩን ከቀኑ በፊት እየገዙ መዝጋት ከቻሉ ነው። ከሻጩ ጋር ሲዋዋሉ «ቀድሞ መክፈል ይቻላል» የሚል ቃል ያስገቡ። አብዛኞቹ ሳያንገራግሩ ይስማማሉ።

ትዕዛዙን ለሁለት መክፈልና ከደንበኛ ቅድሚያ መቀበል

ከባንክ ጋር የማያገናኙ ሁለት መንገዶች ለትንሽ ነጋዴ ብዙ ጊዜ የተሻሉ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

40,000ውን በሁለት 20,000 ከፍሎ ማዘዝ በአንድ ጊዜ የሚጋለጠውን በግማሽ ይቀንሳል። ሁለተኛው ትዕዛዝ ሲወጣ የመጀመሪያው እየተሸጠ ስለሚሆን ሙሉውን ሲከፈት ለመግዛት የሚያስፈልገው ብርም ግማሽ ነው። ጉዳቱ የኤልሲ መክፈቻ ኮሚሽን ሁለት ጊዜ መከፈሉና ሙሉ ኮንቴይነር ባለመሙላቱ ማጓጓዣው በዕቃ መወደዱ ነው። ፓምፕ ሲሆን ይህ ይቻላል። ሴራሚክ ወይም ሌላ ከባድና ርካሽ ዕቃ ሲሆን ማጓጓዣው ጥቅሙን ይበላዋል።

ሌላው ከደንበኛው ነው። ለአንድ ተቋራጭ 20 ፓምፕ ሲሸጡ 40 በመቶ ቅድሚያ ተቀብለው በዚያው ሳምንት ዶላር ከገዙበት ያ ክፍል የተጋለጠ አይደለም፣ ወለድም አልከፈሉበትም። የዋጋ ማቅረቢያዎ ላይ የሚጸናበትን ቀን ይጻፉ፤ «ለ7 ቀን የሚጸና» የሚለው ቃል ከብዙ ስሌት ይበልጣል። «ለ60 ቀን የሚጸና» ብሎ በብር ጨረታ የሚያስገባ አስመጪ ግን ለመሥሪያ ቤቱ ነጻ የምንዛሪ መድን ሰጠ ማለት ነው። ጨረታ ያሸነፉ ነጋዴዎች ሲከስሩ ያየሁት በዕቃው ዋጋ ስህተት ሳይሆን በዚህ ነው።

ወደ ውጭ ልኮ ዶላር በሒሳቡ የሚይዝ አስመጪ ከሁሉም የተሻለ ቦታ ላይ ነው፤ ዕዳውም ሀብቱም በዶላር ነው። ነገር ግን ለዚያ ብሎ ሳያውቀው ሰሊጥ ንግድ ውስጥ የሚገባ ሰው የምንዛሪ ኪሳራን በሰሊጥ ኪሳራ ይለውጣል፤ ብዙ አይቻለሁ። በጥቁር ገበያ አቅራቢ መክፈልን እዚህ አላነጻጽርም። ሕገወጥነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ከሰነዱ ውጭ የተከፈለው ገንዘብ በወጪ ማስረጃነት አይያዝም፣ ጉምሩክም የዕቃውን ዋጋ በራሱ መረጃ ከፍ ሲያደርገው የሚከራከሩበት ወረቀት አይኖርም።

ቀኑ ለምን ይንሸራተታል

75 ቀን ያልነው 110 የሚሆንባቸው ምክንያቶች አብዛኞቹ ወረቀት ናቸው። ባንኮች በሚሠሩበት ዓለም አቀፍ ደንብ፣ በዩሲፒ 600፣ ሰነድ ለመመርመር ያለው ጊዜ ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀን ነው። ኤልሲው የተለየ ቀን ካልጻፈ ደግሞ ሻጩ ሰነዱን ከተጫነ በ21 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። በኤልሲው ላይ የተጻፈው የፓምፑ ሞዴል ከኢንቮይሱ በአንድ ፊደል ከተለየ ሰነዱ ልዩነት አለበት ተብሎ ይቆማል፤ ስምምነትዎ ይጠየቃል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ሳምንት ያልፋል። ዶላር ገና ያልተገዛለት ሰው ያን ሳምንት በተመን ይከፍላል። ስለዚህ ሻጩ ከመጫኑ በፊት የሰነዶቹን ረቂቅ በኢሜይል እንዲልክ ያድርጉና ከኤልሲው ጋር መስመር በመስመር ያስተያዩ።

የጉምሩኩን ክፍል አስቀድሞ የሚቆርጥ ባንክ የለም። እዚያ ያለው መከላከያ ጊዜ ብቻ ነው። ሰነዱ ሲለቀቅ ትራንዚተሩ በዚያው ቀን እንዲይዘው ማድረግ፣ የታክሱን ብር ደግሞ ዕቃው ጂቡቲ ሳለ ለይቶ ማስቀመጥ። በምሳሌያችን ተመኑ ከ140 ወደ 152 ሲሄድ በታክሱ ላይ ብቻ 237,600 ብር ጨምሯል። የዕቃውን ዋጋ ሲከፈት በሙሉ የዘጋው አስመጪም ይህንን ይከፍላል፤ በመሸጫ ዋጋው ላይ መደመር ያለበትም ይኸው ነው።

የቱን ለማን

በቋሚ የብር ዋጋ ውል የገባ፣ ጨረታ ያሸነፈ ወይም ዕቃውን አስቀድሞ የሸጠ ሰው ክፍት መተው የለበትም፤ ተመኑ ይውጣ ይውረድ እሱ ዋጋ ማስተካከል አይችልም። ሲከፈት ሙሉውን ይግዛ፣ ወለዱንም ከመጀመሪያው ዋጋው ውስጥ ያስገባ። ሱቁ ውስጥ በየቀኑ ዋጋ የሚቀይር፣ ዕቃውም በፍጥነት የሚያልቅለት ነጋዴ ማርጂኑን በዶላር አስሽጦ ቀሪውን ክፍት ቢተው ይችላል፤ የሚጎዳው ተወዳዳሪዎቹ አሮጌ ዕቃ በአሮጌ ዋጋ ሲሸጡ ብቻ ነው። በመሃል ላለው፣ ማለትም ለአብዛኛው ሰው፣ ትዕዛዙን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ኤልሲው ሲከፈት መግዛት የምመርጠው ነው። የተመኑን አቅጣጫ አውቃለሁ ብሎ ሁሉን በአንድ ወገን የሚያስቀምጥ ሰው በእርጋታም በድንገትም የሚመጣውን ሊቋቋም አይችልም። ብር ደግሞ በሁለቱም መንገድ ሄዷል፤ ለዓመታት ጥቂት ጥቂት ሲል ቆይቶ ጥቅምት 1 ቀን 2010 በአንድ ቀን 15 በመቶ፣ በ2016 መጨረሻ ደግሞ ከዚያ እጅግ በላይ።

ኤልሲ ከመክፈትዎ በፊት ባንክዎን በጽሑፍ ይጠይቁ። እኔ ለደንበኞቼ የምሰጠው ደብዳቤ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ «የማስገባው ማርጂን በብር ይያዛል ወይስ በዕለቱ ተመን ዶላር ይሸጥልኛል? ቀሪውን ከሰነዱ መድረስ በፊት በከፊል መግዛት እችላለሁ? የምከፍለው ተመን ኮሚሽኑንና የአገልግሎት ክፍያውን ያካተተ ነው ወይስ ያላካተተ?» የቧንቧ ዕቃ አስመጪው አሁን ይህን ደብዳቤ ከፕሮፎርማው ጋር አያይዞ ያስገባል። ባለፈው ጊዜ የባንኩ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ ሁለት ቀን ወሰደበት፣ መልሱም «በብር» የሚል ስለነበረ ሰውየው ኤልሲውን ሌላ ባንክ ሄዶ ከፈተ።